34 ቀን ወይስ 45?

እሠራበት የነበረው አስመጪ ድርጅት ሽያጩን፣ ዕቃውንና ሂሳቡን የሚመዘግብበት ኦዱ የተባለ ኢአርፒ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የሠራው ዳሽቦርድ ሦስት ነገር ያሳያል፦ ዕቃ በዓመት ስንት ጊዜ ተሽጦ እንደሚተካ፣ ስንቱ ትዕዛዝ በቀኑ እንደደረሰ፣ የዱቤ ገንዘብ በአማካይ በስንት ቀን እንደሚገባ። የመጨረሻው 34 ቀን ተኩል ይላል። የዱቤ ገደባችን 30 ቀን ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል። ተሰብሳቢ ሂሳብ የምትከታተለው ባልደረባችን ግን አልተዋጠላትም፤ «በ34 ቀን የከፈለኝ ደንበኛ ካለ አሳየኝ» አለችኝ። ቀን ሙሉ ስልክ የምትደውለው እሷ ስለሆነች፣ ከስክሪኑ ይልቅ እሷን አመንኩ።

ቀመሩን ከፈትኩት። የሩብ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ያልተሰበሰበው 23 ሚሊዮን ብር ለጠቅላላ ሽያጩ 60 ሚሊዮን ተካፍሎ በ90 ቀን ተባዝቷል። ከ60ው ውስጥ ግን 20 ሚሊዮኑ የእጅ በእጅ ሽያጭ ነው። እዚያው የተከፈለ ገንዘብ የሚጠበቅ ዕዳ የለውም፤ አካፋዩን አሳብጦ ቀኑን ማሳጠር ብቻ ነው ሥራው። እሱን አውጥቼ በ40 ብቻ ሳካፍል 52 ቀን ገደማ መጣ። አሁን ደግሞ የሽያጭ ኃላፊው ተነሳ፦ «ይሄን ያህልማ አልዘገየንም!»

እውነቱን ነው። ደንበኛው ያለበት ዕዳ ቫትን ይጨምራል፤ የሽያጭ ሂሳቡ ግን ቫት የሌለበት ነው። ከላይ ቫት ያለው፣ ከታች የሌለው ቁጥር ተቀምጦ ቀኑ በ15 በመቶ ይረዝማል። በዚያ ሩብ ዓመት በዱቤ የተሸጠው ሁሉ ቫት የሚከፈልበት ስለነበር 40 ሚሊዮኑ ከነቫቱ 46 ይሆናል። 23 ለ46 ግማሽ ነው፤ 45 ቀን። ባልደረባዬ ስታየው «እንዲህ በል እንጂ» አለች።

በ1.15 ማባዛቱን ግን ቀመሩ ውስጥ አላስገባሁም፤ ነገ ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ ቢሸጥ ስሌቱ ይሳሳታል። በእያንዳንዱ የዱቤ ኢንቮይስ ላይ ያሉትን ሁለት መስኮች ወሰድኩ፤ ለሽያጩ `amount_total`፣ ላልተከፈለው `amount_residual`።

ኢንቮይሶቹን አንድ በአንድ ስዘረዝር ሌላ ነገር ብቅ አለ። ወራት ያለፋቸው ጥቃቅን ቀሪዎች፣ ሁሉም ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ተመሳሳይ መቶኛ የሆኑ። ደንበኞቹ ከፍለዋል፤ ቀሪው ቀንሰው ለመንግሥት ያስገቡት ዊዝሆልዲንግ ነው። ደረሰኙ መጥቶ እስኪመዘገብ ድረስ ኢንቮይሱ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ እነዚህን ለብቻቸው በሌላ ሰንጠረዥ አወጣኋቸው፤ ለእነሱ የሚደወለው ገንዘብ ለመጠየቅ ሳይሆን ደረሰኝ ለመጠየቅ ነው።