የገና ስብና የወጥ ቤታችን ሲንክ

ጥር 4

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲንክ የሚዘጋበት ወቅት ቢኖር ይሄ የገና ሰሞን ነው። ቤቱ ሁሉ ከጾም ወጥቶ ባንድ ጊዜ ቅቤና ሥጋ ውስጥ ይገባል። የመንዝ በግ ደግሞ ላቱ ራሱ ስብ ነው። በዚያ ላይ ወሩ ውርጭ የሚጥልበት ነው። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ቅቤ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የበግ ስብ ግን ከ40 በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የወጥ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀለቅ ስቡ ገና ሲንኩን ሳይለቅ መርጋት ይጀምራል። ቱቦው ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የሩዝ ፍሬ፣ የቡና አተላና የእንጀራ ፍርፋሪ ይይዛል። ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል።

እኛም ቤት የሆነው ይሄው ነው። በበዓሉ ማግስት ውሃው ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። እናቴ ከመንዝ መጥታ ስለነበር ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለታችንም ነበርን። «ምነው ቶሎ ቧንቧ ሠሪ አትጠሪም?» አለችኝ። «እማዬ፣ መጀመሪያ የት ጋ እንደተዘጋ ልወቅ» አልኳት። ይሄን ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል። የት እንደተዘጋ ሳይታወቅ የሚፈስ ነገር ሁሉ፣ ሳሙናም ይሁን ሙቅ ውሃ፣ በግምት ነው የሚፈሰው።

ማወቂያው ቀላል ነው። ሻወር ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ጥርግ ብሎ ወረደ። የእጅ መታጠቢያውም ደህና ነው። መጸዳጃ ቤቱም ሲለቀቅ አያጉረመርምም። እንግዲያው ዋናው መስመር ክፍት ነው ማለት ነው። የተዘጋው ከሲንኩ ተነስቶ ከሌሎቹ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ባለው ቱቦ ውስጥ ነው። የሲንኩ ውሃ በሻወሩ ወለል በኩል ብቅ ቢል ኖሮ ግን ያንኑ ሰዓት ስልክ አነሳ ነበር። ያ የዋናው መስመር ወይም የሴፕቲክ ታንክ ችግር ነው። ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ አይነካም። ታንኩ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ቧንቧ ሠሪ ሳይሆን የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ነው።

የቆመውን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ግማሽ ብርጭቆ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ቀዳዳው ውስጥ አፈሰስኩ። ስብን ከውሃ ጋር የሚያዋህደው ሳሙናው ነው። ሙቅ ውሃ ብቻውን ስቡን አቅልጦ ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል። እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዝና መልሶ ይረጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ይሄ በጣም ቶሎ ይሆናል።

ስለ ውሃው ሙቀት ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ቤታችን የተዘረጋው ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ ፒቪሲ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቋቋመው ሙቀት 60 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለፒቪሲ አሁንም ብዙ ነው። ከእሳት የወረደ ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲደፋበት ቱቦው ይለሰልሳል፤ መገጣጠሚያውም ይላላል። ስለዚህ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር እቀላቅላለሁ። ይሄ 60 ዲግሪን በጥቂት ያልፋል። ላንዴ ሲፈስ ቱቦውን አይጎዳም፤ የበግ ስብ ግን ያቀልጣል። ሦስት ሊትር ያህሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ውሃው ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ።

ቀጥሎ መግፋት ነው። የጎማ መግፊያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ግን አይጠፋም። በሞቀው ውሃ ሞላሁት። አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሜ ቀዳዳው ላይ ደፋሁት። ከዚያ በሁለት እጅ ጨመቅኩት። ከዚህ በፊት ግን የሲንኩን ላይኛ ትርፍ ውሃ ማፍሰሻ በጨርቅ መድፈን ያስፈልጋል። ካልተደፈነ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። ሲንኩ ባለ ሁለት ገንዳ ከሆነም ሁለተኛው ቀዳዳ ይደፈናል። ጨመቅ ለቀቅ ስለው ነጭ ቁርጥራጭ ስብ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ይሄን ሳይ ስቡ ቅርብ እንደሆነ አወቅኩ። ከሲንኩ ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ፣ በሲፎኑ ውስጥ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሶዳና አቼቶ እንድጨምር መክረውኝ ነበር። በቅንነት ነው የመከሩኝ፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። አረፋው ሲገነፍል ደግሞ የሚሠራ ይመስላል። ግን አቼቶ አሲድ ነው፤ ሶዳ ተቃራኒው ነው። ሲገናኙ ይጣፋሉ። የሚቀረው ጋዝና ጨዋማ ውሃ ነው። የረጋ የላት ስብ በዚያ አይሟሟም። ሽታ ለማጥፋትና ስስ ቆሻሻ ለማላቀቅ ይጠቅም ይሆናል። በረኪና ከአቼቶ ጋር ግን በምንም ምክንያት አይቀላቀልም። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። በብርድ ምክንያት መስኮቱ ተዘግቶ በሚውል ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

ሲፎኑን ለመክፈት ባልዲውን ከሥር አስቀመጥኩ። ለእናቴ ቧንቧውን እንዳትከፍት ነገርኳት። ሲፎን ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ያ ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደው። ላይና ታች ያሉትን የፕላስቲክ ዳዶዎች በእጄ ወደ ግራ አዞርኩ። ብዙ ጊዜ መፍቻ አያስፈልግም። ከጠነከረ ጎማ ጓንት ወይም ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። በብረት መፍቻ ሲታገሉት ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ላስቲክ ቀለበቶቹ ወዴት እንደሚያዩ ስልኬ ላይ ፎቶ አነሳሁ። ሲገጠም ተገልብጦ የገባ ቀለበት ያንጠባጥባልና።

ከውስጡ የወጣው ነገር ጠንካራ ነበር። በበርበሬ የቀላ ስብ፣ መሀሉ ላይ የቡና አተላ፣ ከሥሩ ደግሞ ግራጫ አመድ። እናቴ ድስቱን እንደ ለመደችው በአመድ ፈትጋ እዚሁ ስታለቀልቅ ሰንብታለች። አመድ ድስት ሲያጸዳ የሚደርስበት የለም። ግን ከስብ ጋር ቱቦ ውስጥ ሲገናኝ ከሥር ይዘቅጥና ይጠጥራል። «እንግዲህ ከደጅ ነው የማለቀልቀው» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ድስቶቹን ይዛ ወጣች። ስቡን በዱላ ገፍቼ ጋዜጣ ላይ አወጣሁት። ከነጋዜጣው ቆሻሻ መጣያ ገባ። ሲፎኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ መልሼ ገጠምኩት። ውሃ ለቅቄ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ዳሰስኩ። ሶፍቱ አልረጠበም። ሲንኩም ጥርግ አድርጎ አወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ውሃው እንደገና ዝግ ማለት ጀመረ። ሲፎኑን ድጋሚ ፈታሁት። ንጹሕ ነው። ግድግዳው ውስጥ በሚገባው ቱቦ የብስክሌት ፍሬን ገመድ አስገባሁ። አንድ ሜትር ያህል በነጻነት ሄደ፤ ከዚያ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ። ገመዱ ሲወጣ ጫፉ ላይ ስብ አለው። እዚህ ጋ ነው የኔ ሥራ የሚያበቃው። በኃይል ብወጋው ገመዱ ክርኑ ውስጥ ሊሰካ ይችላል። ቱቦው ከግድግዳው ወጥቶ በጓሮ በኩል በውጭ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠዋት ውርጭ የሚያርፍበት እዚያው ላይ ነው። ከቤት ውስጥ የማደርሰው ሙቅ ውሃ እዚያ ሲደርስ ቀዝቅዟል።

ቧንቧ ሠሪው ጋ ስልክ ደውዬ ሦስት ነገር ብቻ ነገርኳቸው። የተዘጋው ሲንኩ ብቻ መሆኑን፣ ሲፎኑ ንጹሕ መሆኑንና ገመዱ አንድ ሜትር ላይ መቆሙን። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ እጃቸው ጠንቃቃ የሆነ ሰው ናቸው። በር ላይ እንደደረሱ የጠየቁኝ፣ «ልጄ፣ ኮስቲክ ሶዳ ጨምራችኋል?» ብለው ነው። «የለም ጋሼ፣ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ብቻ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ኮስቲክ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና ስለሚቀይር አንዳንዴ ይከፍታል። ካልከፈተ ግን ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ይሆናል። ቱቦውን የሚፈታው ሰው ላይ ነው የሚፈሰው። የጨመረ ሰው ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ሥራውን የጀመሩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይ የውጭውን ግድግዳ ስታሞቀው ስቡ ይለሰልሳል፤ ጠዋት ቢሆን ድንጋይ ነው ብለው አስረዱኝ። ክርኑ አጠገብ ያለውን መክፈቻ ፈትተው ባለ ሽቦ ማጽጃቸውን እያዞሩ አስገቡ። የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ስብ ወጣ። እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። ውሃ ልኩን አውጥተው ቱቦው ላይ አስቀመጡት። አንዱ ማቀፊያ ከግድግዳው ተነቅሎ ቱቦው መሀሉ ላይ ረግቧል። ውሃ እዚያ ይተኛል። የተኛ ውሃ ይበርዳል፤ ስቡም እዚያው ይረጋል። «ስቡን ብቻ አውጥቼ ብሄድ ለፋሲካ መልሰሽ ትጠሪኝ ነበር» አሉኝ። ማቀፊያውን በአዲስ ብሎን አጥብቀው ቱቦውን አነሱት። በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ እንዲሄድ አደረጉት።

ያን ርግበት እኔ ከሲንኩ ሥር ተንበርክኬ ላየው አልችልም ነበር። ሲፎኑ ንጹሕ ሆኖ ውሃው ቶሎ መልሶ ዝግ ካለ ነገሩ ከስቡ ያልፋል። ወይ ቱቦው ተዳፋቱን አጥቷል፣ ወይ ተሰንጥቆ አፈር ገብቶበታል፣ ወይ አየር አያገኝም። ግድግዳ ላይ እርጥበት ካለ፣ ወይም ቱቦው የዛገ አሮጌ ብረት ከሆነ፣ እኔ ሲፎኑንም አልነካም።

ቱቦውን በማዳበሪያ ከረጢት ልጠቅልለው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ለሌሊቱ ውርጭ ትንሽ ይረዳል፣ ግን ከረጢቱ ዝናብ ሲጠጣ ይብስበታል፣ ስፖንጅ አድርጊና ከላይ ላስቲክ አልብሺው አሉኝ። ስፖንጁን ቅዳሜ ከገበያ እገዛለሁ። እስከዚያው የወጥ ድስቱ ሳይታጠብ በፊት በጋዜጣ ይጠረጋል፣ አተላውም ጓሮ ይደፋል።