የአያቴ የቅዳሜ ብር

ይሄን የምጽፈው አያቴ ሐምሌን ሙሉ በአንድ ነገር ሲብሰለሰሉ ስላየሁ ነው፣ ሌላ ቤትም እንደሳቸው የሚጨነቁ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

ወንድሜ እንግሊዝ አገር መጋዘን ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ደሞዙ በየሳምንቱ ስለሚከፈለው ለአያቴም የሚልከው በየሳምንቱ ነው። አርብ ማታ በአፕ ይልክና ይደውላል፣ ሚስጥር ቁጥሩን ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዛ ስልኩን ለአያቴ እሰጣቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መታወቂያቸውን ይዘን ፒያሳ ባንክ እንሄዳለን፣ ብሩን አውጥተን በዛው ቅዳሜ ገበያ ወርደን የሳምንቱን እንገዛዛለን። ያ ሁሉ ዝናብ እየዘነበም አንድም ቅዳሜ ልቅር ብለው አያውቁም።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብሩ አንድ ቅዳሜም ካለፈው ጋር እኩል ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያው ሳምንት 9,750 ብር መጣ፣ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። በሚቀጥለው 8,784 ሆነ። ከዛ 8,880፣ ከዛ ደግሞ 8,736። አያቴ ደረሰኞቹን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ነው የሚይዟቸው፣ ማታ ማታ ይፈቷቸውና አልጋው ላይ በተራ ይደረድሯቸዋል። ፊደል ብዙም አልቆጠሩም፣ ቁጥር ግን ማንም አይበልጣቸውም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

እና ከነዛ ቁጥሮች የሚያነቡት የወንድሜን ኑሮ ነበር። ብሩ ሲቀንስ «ይሄ ልጅ ታሞ ስራ ቀርቶበታል» ይላሉ፣ ወይ ደግሞ «ከአፉ ነጥቆ ነው የሚልክልኝ፣ አልበላም ማለት ነው»። ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ጭንቀት፣ «ከየት አመጣው? ሌሊትም መስራት ጀመረ እንዴ?»። ሲደውል ግን አይጠይቁትም፣ ብር የቆጠሩበት እንዳይመስለው ይሳቀቃሉ። «ደህና ነህ? ትበላለህ? ብርዱስ?» ብቻ። እሱ ደህና ነኝ ሲላቸው አያምኑትም፣ ደረሰኙ ሌላ ነገር እየነገራቸው እንዴት ይመኑት!

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ነገሩን አባሱት። «ባንኳ ውስጥ ያለችው ልጅ ትሆናለች የምትቆርጥብሽ» አሏቸው። አያቴ ሰው መጠርጠር አይወዱም፣ ግን ነገሩ ውስጣቸው ገባ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ብሩን ሁለቴ ቆጥረው ልጅቷን «ልጄ፣ ትክክል ነው?» አሏት፣ ድምጻቸው ተለውጦ። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም። «እማማ፣ እኔ ቁጥሩን አልነካውም፣ እዛ ማዶ ሲላክ በብር ተወስኖ ነው የሚመጣው፣ እኔ የሚታየኝ የምከፍልዎት ብር ብቻ ነው፣ ስንት ፓውንድ እንደላከ ለማወቅ እሱን ይጠይቁት» አለቻቸው። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ነገሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። እውነትም የአያቴ ደረሰኝ ላይ ያለው ብር ብቻ ነው። የላከው ፓውንድ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ የምንዛሪው ዋጋ፣ እነዚህ ሁሉ ያሉት በላኪው ስልክ ላይ ነው። ማለትም አያቴ ግማሹን ወረቀት ብቻ ይዘው ነው ሙሉውን ለማወቅ ሲታገሉ የከረሙት።

ማታ ለወንድሜ ጻፍኩለት፣ የአራቱንም ሳምንት ስክሪንሾት ላከልኝ። ሁሉም ላይ ከሱ ኪስ የወጣው 50 ፓውንድ ነው። ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ። አንድ ሳንቲም አልጨመረም አልቀነሰም። ስልኬን ይዤ አያቴ አጠገብ ቁጭ አልኩና አብረን ከደረሰኞቹ ጋር ማስተያየት ጀመርን።

መጀመሪያ ያ 9,750። የመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው አፑ ፕሮሞሽን ይሰጣል፣ ክፍያ የለም፣ ምንዛሪውም ከተለመደው ከፍ ያለ ነው፣ ደንበኛ ለመሳብ መሆኑ ነው። ስለዚህ 50ውም ፓውንድ በ195 ብር ተመነዘረ። በሁለተኛው ሳምንት ፕሮሞሽኑ አለቀ፣ ከ50ው ላይ 2 ፓውንድ ለክፍያ ተነሳ፣ የቀረው 48 ደግሞ በተለመደው ዋጋ በ183 ሆነ፣ 8,784። ዝቅ ያለው 966 ብር በሙሉ ከዚህ ነው የመጣው። አያቴ ይሄን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «እና ያን ሳምንት አልታመመም ነበር?» አሉ። አልታመመም እምዬ፣ አፑ ነው። እኔ በበኩሌ ይሄ ፕሮሞሽን የሚሉት ነገር አይመቸኝም፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ሰው ልብ ውስጥ አስቀምጦ ሌላውን ሁሉ ጎዶሎ ያስመስለዋል።

ከዛ የቀረው ከባዱ ነው፣ 8,880 መጥቶ ለምን ወደ 8,736 ወረደ የሚለው። ክፍያው ያው 2 ፓውንድ ነው፣ ፕሮሞሽን የለም። አያቴ ደግሞ በሬዲዮ «ዶላር ጨመረ» ሲባል ሰምተዋል፣ ዶላር ከጨመረ ለሳቸው ብሩ መጨመር አለበት፣ እንዴት ይቀንሳል? ጥያቄያቸው ልክ ነው። ነገር ግን ወንድሜ የሚልከው ዶላር አይደለም፣ ፓውንድ ነው። የፓውንዱ ዋጋ በብር ሲወጣ በመሀል ዶላር አለ፣ መጀመሪያ ፓውንዱ ስንት ዶላር ነው ይባላል፣ ከዛ ዶላሩ ስንት ብር ነው ይባላል። አንዱ ሳምንት ላይ ፓውንዱ 1.36 ዶላር፣ ዶላሩ በ136 ብር ነበር፣ ሲባዛ 185 ብር ገደማ። በሚቀጥለው ዶላሩ 137 ገባ፣ ሬዲዮው እውነቱን ነው፣ ግን ፓውንዱ እዛው በውጪ ገበያ ወደ 1.33 ዶላር ወርዶ ነበር፣ ሲባዛ 182። ዶላር ጨምሮ የአያቴ ብር ቀነሰ ማለት ይሄ ነው።

ይሄን ስነግራቸው እንደማይገባቸው ፈርቼ ነበር፣ እሳቸው ግን ከኔ ቀድመው ደረሱበት። «በይ ተይ፣ ገባኝ» አሉ፣ «እኔ ቅቤዬን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ስሄድ በርበሬ ልገዛበት ነው። ቅቤው ረክሶ ከዋለ በርበሬውም ቢረክስልኝ የማገኘው ያው ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ብቻ ሲለወጥ ነው የምጎዳ ወይ የምጠቀም። የልጄ ፓውንድ ቅቤው ነው።» ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሰው አላገኝም።

«ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም እኮ» አሉ ቀጥለው፣ እሱም ልክ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአረብ አገር ስትልክላቸው የነበረ ጊዜ ብሩ ከወር ወር እምብዛም አይነቃነቅም ነበር፣ ምንዛሪውን መንግስት ነበር ይዞት የቆየው፣ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ብሎ ሲለቀው ባንኮች ራሳቸው ዋጋ ማውጣት ጀመሩ፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 አለፈ፣ በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። ከዛ ወዲህ የዛሬው ዋጋ የነገው አይደለም፣ የአንዱ ባንክም የሌላው አይደለም። አያቴ የሚያውቁት ያንን የድሮውን ነው፣ ስለዚህ ብሩ ሲለዋወጥ የተለወጠው ልጁ መሰላቸው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። እኚያው ጎረቤት «ዶላር እስኪጨምር ብሩን አታውጪው፣ እዛው ይቆይ» ብለው መክረዋቸው ነበር። በኛ መንገድ ይሄ አይሰራም፣ ወንድሜ አፑ ላይ «ላክ» የሚለውን ሲነካ ብሩ እዛው ተቆርጦ ያልቃል፣ 8,736 ካለ ሳምንት ቆይተን ብንሄድም 8,736 ነው። የሚጠቅም ነገር ካለ እሱ ከመላኩ በፊት የሁለት ሶስት አፕ ዋጋ ማየቱ ነው፣ ሲያይም ክፍያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻ ላይ «ተቀባይ የሚያገኘው» የሚለውን ብር ነው ማወዳደር ያለበት፣ ክፍያ የለም ብሎ ምንዛሪው ላይ የሚቆርጥ አለና። ባንክ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ ተበላሁ ማለትም ያሳስታል፣ እዛ ላይ መግዣና መሸጫ የሚሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ፣ ከፍ ያለው መሸጫው ለኛ አይደለም።

ክፍያውን ሳስብ ለወንድሜ አንድ ሀሳብ አቀረብኩለት። በየሳምንቱ 2 ፓውንድ ማለት በአራት ሳምንት 8 ፓውንድ ነው፣ በወር አንዴ 200 ቢልክ ግን ክፍያው 2 ብቻ ነው፣ 6 ፓውንድ ይተርፋል፣ ከ1,000 ብር በላይ። እሱም እሺ አለ። አያቴ ግን እንቢ አሉ፣ አጥብቀው ነው እንቢ ያሉት። «በወር አንዴ ከላከ በወር አንዴ ነው የሚደውል» አሉ። አይደለም፣ መደወሉን አይተውም ብላቸው አልሰሙኝም። «ስድስቱን ፓውንድ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ድምጹን የምሰማበት ነው» አሉ። ሂሳቡ የኔ ልክ ነው፣ ግን ከዛ በኋላ አልተከራከርኳቸውም፣ ወንድሜም አልተከራከረም።

አሁን እሱ ሚስጥር ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት «ሃምሳ ነው» ይላል፣ እኔም ደብተር ላይ መጀመሪያ ፓውንዱን፣ ከጎኑ ብሩን እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 8,760 ተቆጠረላቸው፣ ልጅቷ በመስኮቱ ስትሰጣቸው አያቴ ተቀብለው ወደኔ ዞሩና «ሃምሳ ነው አይደል ያለሽ?» አሉኝ። አዎ ሃምሳ ነው አልኳቸው። «በይ እንግዲህ በርበሬው ሳይወደድ እንውረድ» አሉና ልጅቷን መርቀው ወጣን።