ምዕራፍ ሁለትን በጭብጥ ማዋቀር፦ እስካሁን የደረስኩበት

የቲሲሴን ምዕራፍ ሁለት አማካሪዬ ተቀበለልኝ። ደስታው ትኩስ እያለ እንዴት እንደሠራሁት ላካፍላችሁ። እኔ እንዳየሁት ብዙዎቻችንን ሊትሬቸር ሪቪው ላይ የሚይዘን ንባቡ አይደለም። ያነበብነውን ምን ላይ እንደምናስቀምጠው ነው የሚቸግረን።

ርዕሴ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነው። አዳማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከተማችን የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያሉ ብዙ የገጠር መንደሮች ግን የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት። ወንጂ አካባቢ ያደገ ዘመድ ያለው ሰው ጥርስ ላይ የሚወጣውን ቡናማ ቀለም ያውቀዋል። የኔ ጥያቄ ደግሞ ፍሎራይድ የሚያወጡ ማጣሪያዎች ገጠር ከገቡ በኋላ ለምን አይዘልቁም የሚል ነው።

ፍለጋውንና ንባቡን አልፈዋለሁ፤ ዞቴሮ ላይ መሰብሰብ ሁላችሁም ታውቁበታላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንደተለመደው በደራሲ የሄደ ነበር። «እገሌ እንዲህ አጠና፣ እንዲህ አገኘ። እገሊትም እንዲሁ።» አማካሪዬ ዳር ላይ የጻፉልኝ «ይህ ዝርዝር ነው፤ አንተ የት አለህ?» የሚል ነበር። ልክ ነበሩ። በደራሲ ሲጻፍ እያንዳንዱ አንቀጽ ለብቻው ይቆማል። አንዱን ከላይ ወደ ታች ብታወርዱት ምንም አይጎድልም። ክርክር ያለበት ጽሑፍ ግን አንዱ አንቀጽ ቦታውን ሲለቅ ቀጣዩ አብሮ ይናጋል።

መፍትሔው ኤክሴል ላይ የሚሠራ ተራ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ጥናት አንድ ረድፍ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጭብጥ አንድ ዓምድ። በየሳጥኑ ውስጥ ጥናቱ ስለዚያ ጭብጥ የሚለውን በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር በራስ ቃል መጻፍ ነው። ገጽ ቁጥሩ አይረሳ። ከጽሑፉ ገልብጦ መለጠፍን እኔ አልመክርም። የተለጠፈ ነገር ሐሳቡን ሳናላምጠው ሳጥኑን ይሞላዋል፤ በኋላም ምዕራፉ ውስጥ እንዳለ ይገባል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ረድፉን ትታችሁ ዓምዱን ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ምዕራፉ የሚጻፈው ከዓምዱ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዓምዶቹን መሰየሙ ነው። «መንስኤ»፣ «ጉዳት»፣ «መፍትሔ» የሚሉ ስሞች ቀላል ናቸው፣ ግን አይጠቅሙም። መደርደሪያ ናቸው፤ ሁሉም ነገር ይገባባቸዋል፣ የሚጋጭ ነገር አይታይባቸውም። የረዳኝ ጭብጡን በጥያቄ መልክ መጻፍ ነው። «መፍትሔ» የሚለውን «ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ማጣሪያ በቤት ውስጥም ይሠራል ወይ?» ብዬ ስቀይረው ዓምዱ ነፍስ ዘራ። አንዳንዱ ጥናት አዎ ይላል፣ አንዳንዱ አይ ይላል፣ አንዳንዱ ሳጥን ባዶ ይሆናል። ባዶው ሳጥንም ይናገራል፤ ብዙ ሳጥን ባዶ የሆነበት ዓምድ ክፍተቱ የት እንደሆነ ይጠቁማል።

ይህን ዓምድ በዝርዝር ላሳያችሁ። ናልጎንዳ የሚባል ዘዴ አለ። አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ከዚያ እንዲዘቅጥ ይተዋል፤ ፍሎራይዱም ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። የላቦራቶሪ ጥናቶቹን ስታነቡ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በታች ማውረድ ይቻላል የሚል ታገኛላችሁ። ቤት ለቤት የተሠሩት ደግሞ ውጤቱ እንደሚዋዥቅ ይናገራሉ። በደራሲ ጽፌው ቢሆን ሁለቱ ገጽ ተራርቀው ይቀመጡ ነበር። ዓምዱ ላይ ግን አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጦ «ለምን?» ብሎ ያፈጥጣል።

መልሱን ፍለጋ «የተሞከረው ውሃ ምን ዓይነት ነው?» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። እዚህ ጋ ነገሩ ተፈታ። ብዙ የላቦራቶሪ ሙከራ የሚሠራው በንጹህ ውሃ ላይ ፍሎራይድ ተጨምሮ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ግን ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ይህም የሚያስፈልገውን የኬሚካል መጠን ይቀይረዋል። መጠኑ ደግሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፤ እናት ቤት ውስጥ የምትጨምረው ግን አንድ ዓይነት መጠን ነው። ስለዚህ ጥናቶቹ እርስ በርስ አይቃረኑም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ውሃ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር አንድም ጥናት ውስጥ በቀጥታ ተጽፎ አላገኘሁትም። ዓምዱን ወደ ታች ሳነብ የወጣ ነው፤ ሪቪው ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። የኔ ደንብ እያንዳንዱ ጭብጥ ለቀጣዩ ጥያቄ ትቶ ይለፍ የሚል ነው። መጀመሪያ ውሃው ለምን ፍሎራይድ በዛበት? የእሳተ ገሞራ ዓለት ፍሎራይድ ይለቃል፤ ካልሲየም ቢበዛ ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ እዚህ ግን ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። እንግዲያው ችግሩ ከምድሩ ነው፤ ሌላ ምንጭ ከሌለ ማጣራት ግድ ነው። ማጣራቱ ይሠራል ወይ? ከላይ እንዳልኩት፣ እንደ ውሃው። ታዲያ ተጠቃሚው መሥራቱን በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ሌላው ማጣሪያ፣ የእንስሳ አጥንት ከስሎ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ይመጣል። ከሰሉ ፍሎራይድ ይይዛል፣ ሲሞላ መያዝ ያቆማል። ፍሎራይድ ግን ቀለምም ጣዕምም የለውም። ማጣሪያው ካለቀለት በኋላም ውሃው እንደ ትናንቱ ነው፤ ካልተለካ አይታወቅም። ማን ይለካል? በየስንት ጊዜው? እዚህ ስንደርስ አንባቢው የኔን የጥናት ጥያቄ ራሱ ይጠይቃል።

አንድ ጥናት ሁለት ሦስት ጭብጥ ላይ ቢመጣ አትፍሩ። አንዳንዱ ጓደኛ «ደገምከው» ይላል። በአንዱ ጭብጥ ላይ የወሰድኩት የውሃውን ኬሚስትሪ፣ በሌላው የተጠቃሚዎቹን አስተያየት እስከሆነ ድረስ ድግግሞሽ የለም። በተቃራኒው የትም የማይገባ ጥናት ካለ፣ ምንም ያህል ብትደክሙበት አውጡት። እኔ ለጥርስ ጉዳት ሕክምና ያነበብኩትን በሙሉ አውጥቻለሁ። አንጀቴ አልቻለም ነበር፤ ምዕራፉ ግን ቀለለ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለብቻው ገልብጣችሁ አንብቡ። በሰው ስም የሚጀምር ከበዛ ወደ ደራሲ ዝርዝር ተመልሳችኋል ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ተከታትለው ሐሳብ ከሠሩ ደህና ናችሁ። ለምሳሌ «እገሌ የናልጎንዳን ዘዴ ሞከረ» የሚለውን «የናልጎንዳ ዘዴ ውጤት በውሃው ባይካርቦኔት መጠን ይወሰናል» ብዬ ለወጥኩት። ስሞቹ ቅንፍ ውስጥ ገቡ።

ደራሲን ተከትሎ መሄድ ጭራሽ አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም። የአንድ ዘዴ ታሪክ ሲነገር፣ አንዱ በሌላው ሥራ ላይ እየገነባ ሲመጣ፣ የጊዜ ቅደም ተከተል ይሻላል። ናልጎንዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕንድ ውስጥ ተሠርቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዴት እንደመጣ የጻፍኩት አንቀጽ እንደዚያ ነው የሄደው።

አሁንም ያልተፈታልኝ የማኅበረሰቡን አመለካከት የሚያየው ጭብጥ ነው። አጥንቱ ከየትኛው እንስሳ መጣ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው። ከጣዕም ጋር አንድ ላይ ላድርገው ወይስ ለብቻው ይቁም? ለጊዜው ለብቻው አቁሜዋለሁ፤ ጣዕሙ ከሰሉን በደንብ በማክሰል ይስተካከላል፣ ይሄኛው ግን አይስተካከልም። እናንተ እንዲህ ዓይነቱን እንዴት እንደለያችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።