ለድሬው ቴክኒሻን የጻፍኩት የእድገት ድጋፍ ደብዳቤ

ከመሰደዴ በፊት ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። በቅርቡ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ቴክኒሻን ደወለልኝ። እዚያ ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። አባቱ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም መፍቻና ኩሽኔታ ሲነካካ ነው ያደገው። የጥገና ፈረቃ አስተባባሪ መደብ በውስጥ ማስታወቂያ ወጥቶ ሊወዳደር ነው። «አቦ፣ አንተ ታውቀኛለህ፤ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለኝ።

ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ያስጻፈውን ረቂቅም በቴሌግራም ላከልኝ። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ምስጉን ጠባይ ያለው፣ ከአለቆቹና ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ የሚሠራ» ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህን ደብዳቤ ሾፌሩም፣ ገንዘብ ያዡም ስሙን ቀይሮ ሊያስገባው ይችላል።

ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። መደቡ የሚፈልገው የቅድመ መከላከል ጥገና የሚያቅድ፣ ሠራተኛ የሚያስተባብር፣ ሪፖርትም በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ጥሩ ጠጋኝ የሚል ቃል የለበትም። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የአገልግሎት ዘመኑን ብቻ ብናወራ ኮሚቴው «ይህ ሰው ማሽኑ ላይ ቢቆይ ይጠቅመናል» ሊል ይችላል። ብዙ ነባር ቴክኒሻን ባለበት የቀረው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከሠራቸው ነገሮች ውስጥ ትልቁን ጥገና ትቼ መደቡን የሚመስለውን ፈለግኩ። የኮምፕረሰሩ ጉዳይ ትዝ አለኝ።

በድሬ ሙቀት ወራት ዋናው የአየር ኮምፕረሰር ከሰዓት በኋላ በሙቀት ራሱን ያጠፋ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ በማግስቱ ያው ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ይቀየር የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሱ ግን የቆመበትን ሰዓት በደብተሩ እየጻፈ ሰነበተ። ሙቀቱን በሌላ መለኪያ ሲያስተያየው ሴንሰሩ ትክክል ነው። ከዚያ የዘይት ማቀዝቀዣውን ራዲያተር ከፈተ። የጥጥ ብናኝ ከዘይት ጋር ተጣብቆ ክንፎቹን ደፍኗቸዋል፤ አየር አያልፍም። አጸዳው። ሥራው ግን በዚህ አላበቃም፤ በየሳምንቱ ማሽን በሚቆምበት ቀን የሚጸዳበት ፕሮግራም አወጣ፣ ሁለት ወጣቶችንም አሠልጥኖ ሥራውን አስረከባቸው።

ደብዳቤው ላይ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩት፦

«በሙቀት የሚቆመውን ኮምፕረሰር መዝግቦ ተከታትሎ፣ ምክንያቱ የራዲያተር መደፈን መሆኑን አረጋግጦ፣ ሳምንታዊ የጽዳት ፕሮግራም አውጥቷል። ሥራውንም ሁለት ጀማሪዎችን አሠልጥኖ አስረክቧል። እኔ ከፋብሪካው እስከለቀቅኩ ድረስ ኮምፕረሰሩ በዚህ ምክንያት ዳግመኛ አልቆመም። መደቡ የሚጠይቀውን የቅድመ መከላከል ጥገና ማቀድና ሠራተኛ ማስተባበር በዚህ ሥራ በተግባር አሳይቷል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ባትኖር ኮሚቴው ጥሩ ታሪክ አንብቦ ያልፍ ነበር። ሥራውን ከመደቡ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ቃሎቿንም ሆን ብዬ ከማስታወቂያው እንዳሉ ወሰድኳቸው፤ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ማስታወቂያውን አጠገቡ አስቀምጦ ነውና የሚያነበው።

ሪፖርቱ ላይ ስደርስ ወዳጄ «ኮምፒውተር እችላለሁ በልልኝ» አለኝ። አብረን ስንሠራ ሁሉን የሚመዘግበው በእጁ ነበር። ያላየሁትን መመስከር አልችልም። ቃለ መጠይቅ ላይ ኤክሴል ክፈት ቢሉት ደግሞ ደብዳቤው በሙሉ እምነት ያጣል። ስለዚህ መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ቀን፣ ማሽን፣ ምክንያትና የተቀየረ ዕቃ የያዘ መሆኑን ገለጽኩ። ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የሚያስፈልገው አጭር የኤክሴል ሥልጠና መሆኑንም ጨመርኩ። መጀመሪያ ቅር አለው፣ ኋላ ግን ተስማማ።

እኔ ውጭ አገር ስላለሁ ሌላም ችግር ነበር። የኔ ደብዳቤ ማህተምና የወጪ ቁጥር የለውም። ከወጣሁ በኋላ ስለሠራውም ምስክር መሆን አልችልም። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው አለቃው እንደነበርኩ መግቢያው ላይ በግልጽ ጻፍኩ፣ ስልኬንም አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ላለው የአሁኑን ኃላፊ በመሥሪያ ቤቱ ማህተም እንዲያጽፍ ነገርኩት። የኔ ከዚያ ጋር አባሪ ሆኖ ገባ።

ለቃለ መጠይቁ ደብተሩን ይዞ እንዲገባ መክሬው ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ኮምፕረሰሩ እንደነበር ነገረኝ፤ ገጹን ገልጦ አሳያቸው። መደቡን አገኘ። የኤክሴል ሥልጠናውንም በሙከራ ጊዜው ውስጥ እንዲወስድ ፈቅደውለታል።