ከስብከት ቪዲዮ ስር ስድቡን እንዴት ሥርዓት አስያዝነው

የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የዩቲዩብ ቻናል የምይዘው እኔ ነኝ። መዝሙር ስንለቅ ከስር አሜንና እልልታ ነው። ስለ እመቤታችን ምልጃ ስብከት የለቀቅን ቀን ግን ኮሜንቱ ጦር ሜዳ ይሆናል።

መጀመሪያ ጥያቄን ከስድብ ለየን። «1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 መካከለኛው አንድ ነው ይላል፣ ታዲያ ምልጃው ከየት መጣ?» ያለ ሰው ባይስማማንም ኮሜንቱ አይነካም። «እናንተ እንጨት አምላኪዎች» ብሎ የሚሄደው ግን ይጠፋል፣ መልስም አይሰጠውም። ደንቡን በየቪዲዮው ስር ፒን አደረግነው፦ ትምህርቱን ተቹ፣ ሰውን አትስደቡ፣ የማንንም እምነት መጠሪያ ለስድብ አታውሉ።

የመጨረሻዋ በዋናነት ለራሳችን ሰዎች ናት። እውነቱን ለመናገር ከሚያሾፈው ይልቅ የሚያስቸግረው «ዝም በል አንተ መናፍቅ» እያለ ከስሩ የሚደረደረው የኛው ምዕመን ነው። የሱንም እናጠፋለን። አንድ ታላቃችን «ለሃይማኖቴ በተከራከርኩ ታጠፋብኛለህ?» ብለው ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ ክርክርዎ ጥሩ ነው፣ ስድቧን ብቻ አውጥተው መልሰው ይጻፉት» አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ጻፉት።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ Blocked words የሚል ቦታ አለ። እዚያ ያስገባኸው ቃል ያለበት ኮሜንት ለሰው ሳይታይ እስክታየው ይቆያል። አማርኛችን ግን ለዚህ አይመችም። «ሐሰተኛ»ን አንዱ በሀ፣ አንዱ በሐ፣ ሌላው በኀ ይጽፈዋል፣ በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው፣ «ሐሰተኞች» ደግሞ ሌላ ቃል ሆኖ ያመልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ማስገባት ነው። «መናፍቅ»ን ስታስገባ ደግሞ ስለ አርዮስ በጨዋ ደንብ የሚጠይቀውም አብሮ ይያዛል፣ ስለዚህ ማታ ማታ የተያዘውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሁለት ልጆች በተራ ያዩታል፣ አንዷ አሜሪካ ስላለች እኛ ስንተኛ እሷ ትረከባለች።

የሚከብደው ጥያቄና ስድብ የተቀላቀለበት ነው። አንዱ ያቺኑ የጢሞቴዎስ ጥቅስ ጠቅሶ መጨረሻ ላይ ሰባኪውን «ደንቆሮ» አለው። የሰው ኮሜንት ቆርጦ ማስተካከል አይቻልም፣ ወይ ትተወዋለህ ወይ ታጠፋዋለህ። ስናጠፋው ከስሩ የተሰጠው መልስ ሁሉ አብሮ እንደሚሄድ ስለምናውቅ መጀመሪያ ጥሩዎቹን መልሶች ገለበጥን። ከዚያ ጥያቄውን ያለ ስድቡ በቻናሉ ስም ጻፍነው፣ መምህራችንም የጸሎት ምልጃና የክርስቶስ የማዳን ሥራ እንዴት እንደሚለያዩ ከስሩ መለሱ። ሰውየው ተመልሶ መጣና ሌላ ጥቅስ አነሳ፣ አሁን ስድብ የለውም። መልሱ አላሳመነውም፣ ኮሜንቱ ግን እስካሁን አለ።

ደጋግሞ ለሚሳደብ Hide user from channel አለ። እሱ ኮሜንቱን እያየ፣ ሌላው አያየውም፣ ስለዚህ የሚጨቃጨቀው ሰው ያጣል። ነቅቶ በሌላ አካውንት የሚመጣም አለ፣ ያኔ ከዜሮ ነው የምንጀምረው።