የዋጋ አማካይ እንደ ኩንታል አይደመርም

ደብረ ብርሃን ውስጥ እህል ለሚሰበስብ አንድ ማኅበር ዳታቤዙን የምይዘው እኔ ነኝ። ገበሬው ስንዴውን ያስመዝናል፣ ገንዘብ ያዧ ኩንታሉንና ብሩን ትመዘግባለች፣ ደረሰኝ ይወጣል። ኦኤልቲፒ የሚሉት ይህንን ነው፤ ትንንሽ ሆኖ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ግብይት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ "ዘንድሮ ከየወረዳው በስንት ዋጋ ገዛን?" ይላሉ። ይህ ኦላፕ ነው፤ የዓመቱን መዝገብ በሙሉ ያስገላብጣል።

መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ሰርቨር ላይ ጫንኳቸው። በገበያ ቀን ሪፖርት ሳወጣ ደረሰኙ ተጎተተ፣ ገበሬው በዚያ ብርድ ተሰልፎ ቆመ። መዝገቡን ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላ ማሽን መገልበጥ ስጀምር ይህኛው ተፈታ።

ዛሬም የሚያናድደኝ ኪዩቡ ነው፤ ሪፖርቱ የሚወጣበት፣ በብዙ አቅጣጫ የተደራጀ መዝገብ። ግዢውን በቦታ፣ በእህል ዓይነትና በወር አደራጀሁት። ከቀበሌ ወደ ወረዳ ጠቅልሎ መውጣት ሮል አፕ ነው፤ ከወረዳው ተመልሶ ቀበሌዎቹን መዘርዘር ድሪል ዳውን። ሥልጠና ላይ "ለፍጥነት አማካዩን ቀድማችሁ አስልታችሁ አስቀምጡ" ተብለን ነበር። እኔም አምኜ የየቀበሌውን አማካይ ዋጋ አስቀመጥኩ። ወረዳው ሲጠየቅ የቀበሌዎቹን አማካዮች መልሶ አማካይ ያወጣል።

ቁጥሩን ላቅልለው። ሞረትና ጅሩ ውስጥ ከአንድ ቀበሌ 10 ኩንታል፣ ኩንታሉን በ7000 ብር፣ ከሌላው 90 ኩንታል፣ ኩንታሉን በ6000 ብር ገዛን እንበል። የእኔ ኪዩብ ለወረዳው 6500 አለ። የተከፈለው ግን 610,000 ብር ነው፤ ለ100 ኩንታል ሲካፈል 6100። አሥር ኩንታሏ ከዘጠናዋ እኩል ድምፅ አገኘች ማለት ነው።

ይህንን ያየሁት እኔ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጁ ካልኩሌተራቸውን አውጥተው 6500ን በ100 አባዙና "አንተ፣ ይህ 40,000 ብር የት ገባ?" አሉኝ፣ ሰው ፊት። ድሪል ዳውን ባደርግ እያንዳንዱ ቀበሌ ልክ ነው! ስህተቱ ያለው ወደ ላይ ስንወጣ ብቻ ስለሆነ ሁለት ቀን ስፈልገው ከረምኩ።

ስለዚህ አሠልጣኙ ምንም ይበሉ፣ አማካይ አታስቀምጡ። ብሩንና ኩንታሉን ለየብቻ አስቀምጡ፤ ሁለቱም ይደመራሉ። ማካፈሉን በየደረጃው መጨረሻ ላይ አድርጉት።

```sql
SELECT woreda, kebele,
       SUM(birr) / SUM(quintal) AS waga
FROM gizhi
GROUP BY ROLLUP (woreda, kebele);
```

የገበሬው ቁጥርም ያው በሽታ አለበት። ሁለት ቀበሌ የሸጠ ሰው ወረዳው ላይ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። እሱን ከዝርዝር መዝገቡ እንደ አዲስ ከመቁጠር ሌላ መላ አላገኘሁለትም፤ ይዘገያል፣ ይዘግይ።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም ሪፖርቴን የሚቀበሉት ካልኩሌተራቸውን አጠገባቸው አድርገው ነው።