ስድስቴ የሚበሉት እማማ

የቤት ለቤት ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ ከምጎበኛቸው ሰዎች አንዷ የ81 ዓመት እማማ ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ልጃቸውን «ምግብ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቃት «ኧረ ሲስተር፣ በቀን ስድስቴ ትበላለች» ትለኛለች። እኔም «ምግብ በደንብ ይወስዳሉ» ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ አራት ወር ሄድን።

አንድ ቀን ግፊታቸውን ስለካ፣ የመለኪያው ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ከድሮው በላይ ዞረ። ደነገጥኩ። «እስኪ ከወንበሩ ይነሱልኝ» አልኳቸው። ሁለቴ ሞከሩ፣ በሦስተኛው እጃቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እርጅና ነው ልጄ» አሉ። ልጃቸውም እንደዚያው ነበር የምታስበው። እውነቱን ለመናገር እኔም።

ሚዛን ላይ ደግፈን አቆምናቸው፤ 46 ኪሎ። የመጀመሪያው መዝገቤ ላይ 51 ነበሩ። ማንም አስቦበት ያላመጣው አምስት ኪሎ ክብደት መቀነስ በ51 ኪሎ ሰው ላይ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ አምስት በመቶ እንኳ በስድስት ወር ውስጥ ቢሆን ያሳስባል። በልብስ ሰፊ ሜትር የባታቸውን ወፍራም ቦታ ለካሁ። 28 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ዕድሜ ከ31 በታች ከሆነ ጡንቻ ሟሙቷል ብለን እንጠረጥራለን። እግር ካበጠ ግን ሜትሩ ይዋሻል፤ እሳቸው እብጠት አልነበረባቸውም።

በማግስቱ ማድ ቤት ገብቼ የሚበሉትን አየሁ። ጠዋት ሻይ በቁራሽ ዳቦ። ቀጥሎ በውኃ የተበጠበጠ ቀጭን አጥሚት። ምሳ ቀጭን ሽሮ በእንጀራ፣ ሦስት አራት ጉርሻ። ከዚያ ሻይ፣ ቡና፣ ማታ የድንችና የካሮት ሾርባ። አዎ፣ ስድስቴ ነው! ሁሉም ግን ውኃ ነው። የፕሮቲኑን ስደምረው 20 ግራም እንኳ አልሞላም። ለጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለከሳ ሰው ትንሽ ከፍ ይላል። ለእሳቸው ቢያንስ 55 ገደማ ነው። ያረጀ ጡንቻ ከተሰጠው ምግብ የሚጠቀመው ከወጣቱ ያነሰ ስለሆነ ከወጣቱ የበለጠ ይፈልጋል።

ልጃቸው ሰሃኑን ልታበዛ ፈለገች። እንደሱ አይሆንም። የሸመገለ ሆድ ምግብ ቶሎ አያሳልፍም፤ ትልቅ ሰሃን ሲያዩ ገና ሳይቀምሱ ይጠግባሉ። ሰሃኑ እዚያው ትንሽ ሆኖ ውስጡ ነው መቀየር ያለበት።

መጀመሪያ ግን ሐኪም አየቻቸው። የኩላሊት ምርመራ አዘዘች፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ፕሮቲን ዝም ብሎ አይጨመርም። ደህና ነበር። የስኳር መድኃኒታቸው የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ስለሚችል መጠኑን አስተካከለች። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውም ላልቶ ኖሮ ሥጋ የሚሸሹት ለካ ለዚያ ነው።

ከዚያ አጥሚቱ በውኃ ፋንታ በአንድ ብርጭቆ ወተት ተሠራ፣ ሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ተጨመረበት፤ ስኳር አልገባም። የዚህ ፕሮቲን ብቻ 12 ግራም ገደማ ነው። በዳቦው ፋንታ የሁለት እንቁላል ፍርፍር፤ ይህም 12። ሽሮው ወፈረ፣ የተፈጨ ሥጋ ገባበት። ሾርባው ከምስር ጋር ተፈጨ። ከሰዓት ግማሽ ብርጭቆ እርጎ። ሻዩ ከምግብ በፊት ሆዳቸውን ስለሚሞላ ወደ ምግብ በኋላ ሄደ። በዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ሙግት። «የእኔን ጾም ማን ይጾምልኛል?» አሉ። እኔ አልተከራከርኩም፤ የንስሐ አባታቸው መጥተው ፈቀዱላቸው። ባይፈቅዱ ኖሮ በወፍራም ሽሮ፣ በምስርና በተፈጨ ለውዝ ልንሞክር ነበር፤ ይቻላል፣ ግን መጠኑ ስለሚበዛ ለትንሽ ሆድ ይከብዳል።

ምግቡ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። ስለዚህ ከምሳና ከእራት በፊት ከወንበር አምስቴ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ልጃቸው ፊት ለፊት ቆማ ትቆጥራለች። ሁለት ወር ሲሞላ 47 ኪሎ ተኩል ሆኑ፤ እጃቸውን ሳይደገፉ መነሳት ጀመሩ። ደረጃ መውጣቱ ግን አልተመለሰም።

አሁን ስሄድ «ስንቴ በሉ?» አልልም። «ምን በሉ?» ነው የምለው፣ ድስቱንም አያለሁ። ከዚያ ሜትሬን አወጣለሁ። ባለፈው ባታቸው 29 ሆኗል። ሜትሩን ሲያዩ «ደግሞ ምን ልትሰፊልኝ ነው?» ይሉኛል።